«እሱ ነጥብ ይበትናል» ከማለታችን በፊት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

ሴሚስተር ሊዘጋ ሲል፣ ሮስተር መሞላት ሲጀምር፣ በየመምህራን ማረፊያው የምትነሳ አንዲት ወሬ አለች። «የእገሌ ተማሪዎች እንዴት ነው ሁሉም 80 ያመጡት? ነጥብ እየበተነ እኮ ነው!» ሌላው ደግሞ «እሱስ ይሁን፤ ያኛው ግማሽ ነጥብ ሲሰጥ ከኪሱ የሚያወጣ ነው የሚመስለው» ይላል። ተማሪ በበኩሉ ወሬውን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። መስከረም ላይ የክፍል ምደባ ሲለጠፍ «ማን ደረሰህ?» የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። አንድ መምህር ለጋስ ይሁን ቆንጣጭ በወሬ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ ማርክ ሊስት ላይ ተቆጥሮ የሚገኝ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምንቆጥርበት መንገድ፣ ማለትም የክፍሎችን አማካይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ትልቁን «ለጋስ» ትንሹን «ጨካኝ» ማለት፣ ንጹሑን ሰው ያስከስሳል፣ ጥፋት ያለበትን ደግሞ ያሳልፋል። ይህንን በዓይኔ ስላየሁት ነው የምጽፈው።

ለምን ግድ ይለኛል? አማካዩ 49 የሆነ ልጅ ይደግማል፣ 50 የሆነ ያልፋል። እኛ ጋ፣ ጽጽቃም ሆነ ሰቆጣ ወይም ደሃና፣ መድገም ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት መጨመር ብቻ አይደለም። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤቱ ስንቅ እየተላከለት የሚማር ልጅ «ደገምኩ» ብሎ ሲመለስ አባቱ ሁለተኛ ስንቅ ላይቋጥርለት ይችላል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያቺን አንዲት ነጥብ የወሰናት የልጁ እውቀት ሳይሆን «ማን ደረሰህ» የሚለው ዕጣ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት 12ኛ ክፍል ነው። የ2014ቱ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠ ጊዜ ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። በ2015ም 3.2 ከመቶ ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ግን 9ኛን፣ 10ኛን፣ 11ኛን «አልፈው» ነው የመጡት። ልብ በሉ፣ ይህ ብቻውን «መምህራን ነጥብ በተኑ» የሚለውን አያረጋግጥም። የብሔራዊ ፈተናና የክፍል ፈተና ክብደታቸውም ይዘታቸውም ይለያያል፤ እኛ ጋ ደግሞ ጦርነቱ ያዘጋው ትምህርት ቤትም አለ። ሆኖም እኛ ካርድ ላይ የጻፍነው ቁጥር ለልጁ ያለበትን ቦታ በትክክል እንዳልነገረው ያሳያል። የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ክፍል፣ በማን እጅ የሚለውን ግን ከአዲስ አበባ ሆኖ ማንም አይነግረንም። እሱን የምናገኘው ከራሳችን ማርክ ሊስት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፤ የመምህራኑንም ማንነት ለመሸፈን ክፍሎቹንና ቁጥሮቹን ቀያይሬያለሁ። የነገሩ አካሄድ ግን እንዳለ ነው።

9ኛ ክፍል ሒሳብ ሦስት መምህራን ያስተምራሉ። መምህር ሀ፣ መምህር ለ፣ መምህር ሐ እንበላቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ክፍል አላቸው፤ በአንድ ክፍል 60 ተማሪ፣ ስለዚህ ለአንድ መምህር 120 ተማሪ። የሴሚስተሩ አማካይ ሲወጣ የመምህር ሀ 47፣ የመምህር ለ 61፣ የመምህር ሐ 55 ሆነ። በቃ፣ ወሬው ተነሳ። ለ ለጋስ ነው ተባለ። ሀ ጨካኝ ነው የሚሉም ነበሩ። ሐን የነካው የለም፤ መሐል ላይ ነዋ! እኔ 10ኛ ክፍል ስለማስተምር ከጨዋታው ውጪ ነበርኩ፣ ኤክሴልም ትንሽ ስለምነካካ «አንተ ቆጥረህ ንገረን» ተባልኩ። (ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ ስታትስቲክስ የተመረቅኩበት ሰው አይደለሁም። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ በመደመርና በማካፈል የሚሠራ ነው።)

መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ልዩነቱ በዕድል ብቻ ሊመጣ ይችላል ወይ?» የሚለው ነው። በአንድ ክፍል ያሉት ልጆች ውጤት የተራራቀ ነው፤ እኛ ጋ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 16 አካባቢ ነበር። 16ን ለተማሪው ብዛት ስኩዌር ሩት ስታካፍሉት አማካዩ በዕድል ብቻ ምን ያህል ወዲህ ወዲያ እንደሚል ታገኛላችሁ። ለ60 ልጆች 2 ነጥብ ገደማ ነው፣ ለ120 ልጆች 1.5 ገደማ። ሁለት አማካዮችን ስታነጻጽሩ ደግሞ የሁለቱም መወዛወዝ ይደመራል። ስለዚህ በሁለት ክፍሎች መካከል የ3 እና የ4 ነጥብ ልዩነት አይታችሁ ሰው አትክሰሱ፤ ምንም ላይሆን ይችላል። 47 እና 61 ግን 14 ነጥብ ልዩነት አላቸው። ይህ በዕድል አይመጣም። የሆነ ነገር አለ።

የሆነው ነገር ግን ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ሲመጡም የተለያዩ ነበሩ፤ ወይም አንደኛው መምህር በደንብ አስተምሯል፤ ወይም አስተራረሙ ይለያያል። አማካዩ እነዚህን ሦስቱን አደባልቆ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። በተለይ አንዳንድ ትምህርት ቤት ጎበዞቹን ሰብስቦ አንድ ክፍል ያደርጋል፤ ሌላው ጋ ተማሪ የሚመደበው በመጣበት ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አማካይ ማነጻጸር ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚህ ያደረግነው ቁጥሩን መበተን ነበር። ከመቶው 40 ተከታታይ ምዘና ነው፤ ቴስት፣ አሳይመንት፣ የቡድን ሥራ። 60ው የማጠቃለያ ፈተና ነው። ፈተናው ለስድስቱም ክፍል አንድ ዓይነት ነበር፤ 30ው ምርጫ፣ 30ው ወርክአውት። እዚህ ላይ ትልቁ ቁልፍ አለ። ምርጫው የሚታረመው በመልስ ቁልፍ ነው። ሀ ቢያርመው፣ ለ ቢያርመው፣ የጥበቃ ሠራተኛው ቢያርመው መልሱ «ሐ» ከሆነ «ሐ» ነው። ለጋስነትም ጭካኔም አይገባበትም። ስለዚህ ምርጫው እንደ ውኃ ልክ ያገለግላል፤ ሌላውን ሁሉ በእሱ እንለካዋለን።

ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ ስናወጣቸው እንዲህ ሆኑ። የመምህር ሀ ተማሪዎች በምርጫው 18፣ በወርክአውቱ 9፣ በተከታታይ ምዘናው 20፤ ድምር 47። የመምህር ለ ተማሪዎች 19፣ 15፣ 27፤ ድምር 61። የመምህር ሐ ተማሪዎች 14፣ 12፣ 29፤ ድምር 55።

እስቲ ቁጭ ብላችሁ እዩት። የሀ እና የለ ተማሪዎች በምርጫው 18 እና 19 ናቸው፤ እኩል ማለት ይቻላል። ስለዚህ «የለ ልጆች ጎበዞች ስለሆኑ ነው» የሚለው ማብራሪያ ወደቀ። በሁለቱ መካከል ካለው 14 ነጥብ 1ዱ ብቻ ከምርጫው ነው የመጣው፤ 6ቱ ከወርክአውቱ፣ 7ቱ ከተከታታይ ምዘናው ነው። ወደ ሐ ስትመጡ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ሁሉም የተወው፣ «መሐል ላይ ነው» የተባለው መምህር በምርጫው ዝቅተኞቹን ተማሪዎች ይዞ በተከታታይ ምዘናው ከሁሉም ከፍተኛውን ሰጥቷል። ደካማ ክፍልና ለጋስ እጅ ተጣጥፈው 55 የሚባል ምንም የማያጠራጥር ቁጥር ሠሩ።

በኤክሴል መሥራት ለምትፈልጉ፣ ምርጫው C ላይ፣ ወርክአውቱ D ላይ፣ ተከታታይ ምዘናው E ላይ፣ ድምሩ F ላይ ካለ ከዚህ በላይ አያስፈልጋችሁም፤ ስልክ ላይም ይሠራል፦

```
=AVERAGE(C2:C121)
=STDEV(C2:C121)
=COUNTIFS(F2:F121,">=45",F2:F121,"<50")
```

ሦስተኛው መስመር ከ45 እስከ 50 በታች ያመጡትን ይቆጥራል። ለምን እሱን እንደፈለግኩት ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ወርክአውቱ 6 ነጥብ እንሂድ። ምርጫቸው እኩል ነው ማለት አስተራረሙ ነው የተለየው ማለት ነው? ገና አይደለም! ምናልባት መምህር ለ ተማሪዎቹን ስቴፕ በስቴፕ መጻፍ አስለምዷቸው ይሆናል። ምርጫ ላይ ይህ አይታይም፣ ወርክአውት ላይ ግን ይታያል። በማርክ ሊስት ብቻ ይህንን መለየት አይቻልም። ወረቀቱን መቀያየር ግድ ነው።

የተቀያየርነው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ መምህር 10 ወረቀት ወሰድን። «ደስ ያለህን አምጣ» አልተባለም፤ እንደዚያ ከሆነ ሰው የሚያምርለትን ነው የሚያመጣው። ወረቀቶቹ በወርክአውት ውጤታቸው ከላይ ወደ ታች ተደረደሩና በየ12ኛው አንድ ተነሳ። በዚህ ጎበዙም፣ መካከለኛውም፣ ደካማውም ይገባል። ስም ታጥፎ በስቴፕለር ተዘጋ። ዋናው ነገር ደግሞ የመጀመሪያው አራሚ ነጥብ ወረቀቱ ላይ መታየት የለበትም፤ የሌላ ሰው ነጥብ ካየህ እጅህ ወደዚያ ነው የሚሄደው። እኛ ነጥቦቹን በወረቀት ቁራጭ ሸፍነን ነው የሰጠነው። ቢቻል ከመጀመሪያውም ነጥብ በሌላ ወረቀት ላይ ቢጻፍ ይሻላል።

ሀ ለራሱ ተማሪዎች በአማካይ 9 ሰጥቷቸው የነበሩትን 10 ወረቀቶች ለ ሲያርማቸው 13 ሆኑ። ለ 15 የሰጣቸውን ደግሞ ሀ ሲያርማቸው 11 ሆኑ። እንግዲህ አስቡት፤ ያው ወረቀት፣ ያው ልጅ፣ ያው መልስ። በሁለቱም አቅጣጫ ልዩነቱ 4 ነው። ይህ 4 የአራሚው ነው፤ የልጁ አይደለም። ግን ደግሞ በሀ እጅ ሁለቱም ሲታረሙ 9 እና 11፣ በለ እጅ ሁለቱም ሲታረሙ 13 እና 15 ናቸው። በማንም እጅ ቢታረሙ የለ ተማሪዎች 2 ነጥብ ይበልጣሉ። ይህ 2 የእነሱ ነው፤ በእርግጥም ስቴፕ መጻፍ ተምረዋል። ስለዚህ ከ6 ነጥቡ 4ቱ አስተራረም፣ 2ቱ ትምህርት። «ለ ነጥብ ይበትናል» ብሎ 6ቱንም ቢቆርጥበት ኖሮ በደንብ ማስተማሩን ነበር የሚቀጣው።

«10 ወረቀት ትንሽ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሁለት የተለያዩ ክፍሎችን ለማነጻጸር ቢሆን ትንሽ ነው። እዚህ ግን አንዱን ወረቀት ሁለት ሰው ነው ያረመው፤ ልጁ ጎበዝ መሆኑም ሰነፍ መሆኑም በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚገባ ይጣፋል። የሚቀረው የአራሚዎቹ ልዩነት ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ላይ ልዩነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበለ አጋጣሚ አይደለም። አምስቱ ወደላይ አምስቱ ወደታች ከሆነ ግን አንዱ ለጋስ አንዱ ጨካኝ ሳይሆን ሁለቱም ወጥ አይደሉም ማለት ነው። እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

የሐን አሥር ወረቀቶች ሁለቱም አረሟቸው። ራሱ 12 ሰጥቶ ነበር፤ ለ 12 ሰጣቸው፣ ሀ 8። ስለዚህ በወርክአውት ሐ እና ለ አንድ ዓይነት እጅ አላቸው፤ ሀ ብቻውን ቀረ።

ብቻውን ቀረ ማለት ግን ተሳሳተ ማለት ነው ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁጥር የሚነግራችሁ «ይለያያሉ» የሚለውን ነው፤ «ማን ልክ ነው» የሚለውን አይነግራችሁም። ሁለቱ አብረው ለጋስ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ለመለየት ጥያቄው ላይ መውረድ ያስፈልጋል። ወርደን ስናየው ልዩነቱ ከስድስቱ ጥያቄዎች ሁለቱ ላይ ተከማችቶ ተገኘ። አንደኛው ባለ 5 ነጥብ ነበር፣ ይህን ፍቱ የሚል፦

```
x² − 5x + 6 = 0
```

ብዙ ልጆች (x − 2)(x − 3) = 0 ብለው በትክክል ከፋፈሉ፤ ከዚያ መጨረሻ ላይ x = −2 እና x = −3 ብለው ጻፉ። ምልክቱን ገለበጡት። ሀ «መልሱ ስህተት ነው» ብሎ 0 ወይም 1 ይሰጣል። ለ እና ሐ «ዋናውን ሥራ ሠርቷል» ብለው 4 ይሰጣሉ። ሁለቱም የሚያምኑበት ምክንያት አላቸው፤ ሀ «ባንክ ቤት ምልክት ቢገለብጥ ማን ይምረዋል?» ነበር ያለው፣ ያስቃል ግን እውነት አለው። የጎደለው ግን ጭካኔም ልግስናም አልነበረም። ለወርክአውቱ የተስማማንበት የነጥብ አከፋፈል አልነበረም! የመልስ ቁልፉ ላይ «x = 2፣ x = 3 (5 ነጥብ)» ብቻ ነበር የተጻፈው። ቁጭ ብለን ተነጋግረን፣ በትክክል ከፋፍሎ እኩል ዜሮ ላደረገ 3፣ ለሁለቱ መልሶች አንድ አንድ፣ ተባለ። ምልክት የገለበጠው ልጅ 3 ያገኛል።

ይህ በእኛ ብቻ የመጣ አይምሰላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ስታርች እና ኤሊየት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ አንድ የጂኦሜትሪ መልስ ወረቀት ቀድተው ከመቶ ለሚበልጡ መምህራን ላኩ። ከመቶ አንዱ ከ30 በታች ሰጠው፣ ሌላው ከ90 በላይ። ጂኦሜትሪ ነው እኮ! ድርሰት ቢሆን «አመለካከት ነው» ይባል ነበር። የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተ ጋ ደግሞ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ወደ መምህር ሐ እንመለስ። ከወርክአውቱ ነፃ ወጥቷል፤ ተከታታይ ምዘናው 29 ከ40 ግን ተማሪዎቹ በምርጫው ካመጡት 14 ከ30 ጋር አይገናኝም። በመቶ ብታደርጉት 72.5 ከመቶና 47 ከመቶ ገደማ ነው። ሁለት ምልክቶች አየን። አንደኛው፣ ቁጥሮቹ የተጨናነቁ ናቸው፤ 120 ልጅ ማለት ይቻላል ከ26 እስከ 32 ውስጥ ነው። ጎበዙም 31፣ ክፍል የማይገባውም 27። እንዲህ ያለ ነጥብ ማንንም ከማንም አይለይም፤ ለሁሉም እኩል የታደለ እንጀራ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ሦስተኛው መስመር። በድምሩ ከ45 እስከ 49 ያመጡ የሐ ተማሪዎች 2 ብቻ ነበሩ፤ ከ50 እስከ 54 ያመጡት ግን 34። በሀ ክፍል 17 እና 15 ነበር፤ ሰው ሳይነካው ሲቀር ይህንን ነው የሚመስለው። ቁጥር ከ49 ወደ 50 ሲሻገር ድንገት ገደል ካለው፣ አንድ ሰው ድምሩን አይቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ተከታታይ ምዘናውን አስተካክሏል ማለት ነው። አማካዩ ይህንን በጭራሽ አያሳይም።

ሐ አልደበቀም። ክፍሎቹ ውስጥ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች በርከት ብለው ነበር የተመደቡት። «ልጁ መጽሐፍ የለው፣ ደብተር የለው፣ መጠለያ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ቴስት አልፎታል ብዬ 3 ከ10 ልጻፍበት?» አለን። እኔ ይህንን ሰው ሌባ ብዬ ልጠራው አልችልም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለተፈናቀለው ልጅ ያዘንከው በሌላ መንገድ፣ ማለትም ያመለጠውን ቴስት ዘግየት ብሎ በመስጠት፣ ቢሆን ኖሮ ልጁ የማያውቀውን አውቀን እናግዘው ነበር። አሁን ግን 29 የሚለው ቁጥር «ይህ ልጅ ደህና ነው» ይላል፣ 10ኛ ክፍል የምቀበለው እኔም ደህና ነው ብዬ እጀምራለሁ። እኩልታ መፍታት እንደማይችል የማውቀው ኅዳር ላይ ነው።

ደግሞ ነጥብ የሚያሳብጠው ርኅራኄ ብቻ አይደለም። «ዘንድሮ ይህን ያህል ከመቶ ታሳልፋላችሁ» የሚል ዕቅድ ከላይ ሲወርድ፣ የወደቀ ተማሪ ብዛት መምህሩን የሚያስገመግም ሲሆን፣ 49 ወደ 50 መሻገሯ የማይቀር ነው።

«እኛ ጋ አንድ መምህር ብቻ ነው ያለው፤ ከማን ጋር ላነጻጽር?» የምትሉ የገጠር ወዳጆቼ አላችሁ። ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም ደካማ ናቸው፣ ግን ከወሬ ይሻላሉ። አንዱ ያው ተማሪ 8ኛ ክፍል በክልል አቀፉ ፈተና በዚያ ትምህርት ያመጣው ውጤት ነው፤ እሱን ሌላ ሰው ነው ያወጣውም ያረመውም። ሌላው ሮስተሩ ላይ ያው ልጅ በሌሎቹ ትምህርቶች ያለው ውጤት ነው። የክፍሉ ልጆች በሙሉ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በእንግሊዝኛ 50ዎቹ ውስጥ ሆነው በአንድ ትምህርት 78 ከሆኑ መጠየቅ ይገባል። መጠየቅ አልኩ እንጂ መፍረድ አላልኩም። ትምህርቱ የሚሰጥበት ቋንቋም ነገር ይለውጣል፤ ኽምጥኛ ተናግሮ ያደገ ልጅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚያመጣውን ከሒሳቡ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም።

አሁን የምፈራውን ልንገራችሁ። ይህን ጽሑፍ አንድ ኃላፊ አንብቦ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ከእንግዲህ የሁሉም መምህር አማካይ ከ50 እስከ 60 ይሁን» እንዳይል ነው የምፈራው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ፈተና ሲቀር መምህራን ግምታዊ ውጤት ሰጡ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «መምህራን አሳብጠውታል» ብሎ፣ ትምህርት ቤቱ ባለፉት ዓመታት ያመጣው የውጤት ሥርጭት ላይ እንዲገጥም በቀመር አስተካከለው። ወደ 40 ከመቶ የሚሆነው የኤ ሌቭል ውጤት መምህሩ ከሰጠው ዝቅ አለ። ድሮ ደካማ በነበረ ትምህርት ቤት ውስጥ የበቀለ ጎበዝ ልጅ፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ባላመጡት ውጤት ተቆረጠበት። በጣም ትንሽ ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች ግን ለቀመሩ ስለማይመቹ የመምህሩ ግምት ጸደቀላቸው፤ ትንሽ ክፍል ደግሞ በሚከፈልባቸው የግል ትምህርት ቤቶች በርከት ይላል። ልጆቹ አደባባይ ወጡ፣ በቀናት ውስጥ ተሻረ። መምህራኑ አሳብጠዋል የሚለው ጥርጣሬ መሠረት ነበረው። ግን ሥርጭት ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይሆንም፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት መክፈት የግድ ነው። እነሱ የሚከፈት ወረቀት አልነበራቸውም።

እኛ ጋ ደግሞ ቁጥሩ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ከዋለ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ሦስቱ መምህራን ሻይ ቤት ተቀምጠው «አንተ ስንት ነህ? 56? እኔም 56 አደርገዋለሁ» ይባባላሉ። ሥርጭቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ያምራል፣ ምርመራውም ሞተ። ስለዚህ ይህ ነገር በዲፓርትመንት ውስጥ ቢቀር፣ ር/መምህሩም ውጤቱን ሳይሆን መሠራቱን ብቻ ቢጠይቅ እመርጣለሁ።

የኛ ጉዳይ እንዴት አለቀ? ሮስተር ሳይዘጋ ሦስቱም እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች በአዲሱ አከፋፈል ድጋሚ አረሙ፤ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ሦስት መቶ ስልሳ ወረቀት ነው። የሀ ወርክአውት ከ9 ወደ 12 ወጣ፣ የለ ከ15 ወደ 14፣ የሐ ከ12 ወደ 11 ወረዱ። በሀ እና በለ መካከል የቀረው 2 ነጥብ ነው፤ ያ በመቀያየሩ ያገኘነው የእውነት 2። የሀ ክፍሎች አማካይ 50 ሆነ። ከተማሪዎቹ በሒሳብ ከ50 በላይ የተሻገሩ ነበሩ፤ እነማን እንደሆኑ አላውቅም፣ ስማቸው ታጥፎ ነበርና።

በተከታታይ ምዘናው በኩል ግን ምንም ማድረግ አልቻልንም። በሀ 20 እና በለ 27 መካከል ያለው 7 ነጥብ፣ የሐም 29፣ እንዳሉ ሮስተር ላይ ገቡ። ቴስቶቹ ታርመው ለልጆቹ ተመልሰዋል፣ የቡድን ሥራው ነጥብ ማርክ ሊስት ላይ ከመጻፉ በቀር የትም የለም። የሚቀያየር ወረቀት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዲፓርትመንቱ የተስማማው ይህንን ነው፤ ከእያንዳንዱ ቴስት በየክፍሉ አምስት የታረመ ወረቀት፣ አንድ ከላይ፣ ሦስት ከመሐል፣ አንድ ከታች፣ ክላሰር ውስጥ ይቀመጥ። ፎቶ ኮፒ ከሌለ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ያንን ትምህርት ቤት ስለቅ ክላሰሩ የዲፓርትመንቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ግማሽ ያህል ሞልቶ።